ልጅ ከትምህርት ሲቀር ምን ተብሎ ይጻፋል? ለአሜሪካ አዲስ ወላጆች

አገር ቤት ልጅ ታሞ ሲቀር ወላጅ በማግስቱ ልጁን አስከትሎ ይሄድና መምህሩን ክፍል በር ላይ አግኝቶ «ትናንት አሞት ነው» ይላል። መምህሩም «እግዜር ይማረው» ብሎ ልጁን ያስገባል፤ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለመምህሯ በቃል የተነገረ ነገር አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ውስጥ አይገባም። መዝገቡን የምትይዘው ቢሮ የተቀመጠች የአቴንዳንስ ሠራተኛ ናት፤ ልጁንም ወላጁንም በመልክ ላታውቅ ትችላለች። በእጇ ያለው የስም ዝርዝርና እያንዳንዱ የቀረ ልጅ በምን ምክንያት እንደቀረ የሚሞላበት ኮምፒውተር ነው። ከወላጅ የተጻፈ ነገር ካልደረሳት ቀኑ «አንኤክስኪዩዝድ» ሆኖ ይመዘገባል። ያለ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ቀረ ማለት ነው።

ምሳሌያችንን ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሜሪላንድ፣ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ እንውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው እዚሁ ካውንቲ ውስጥ ነው። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ወደ አማርኛ አስተርጉመው ያወጣሉ፤ ስለዚህ ቅጹን በአማርኛ ማግኘት እዚያ ያን ያህል ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው ቅጹ ላይ የሚሞላው ነው። ለማስረዳት ያህል አንዲት እናት እናስብ፤ ወ/ሮ አልማዝ ከበደ እንበላቸው። ከመጡ ጥቂት ወራቸው ነው። ልጃቸው ሶስና ዳዊት ወርቁ ሁለተኛ ክፍል ናት። ማክሰኞ ጠዋት በትኩሳትና በትውከት ተነሳች፣ ረቡዕም ቤት ዋለች፣ ሐሙስ ተመለሰች። ወ/ሮ አልማዝ በልጅቷ ቦርሳ አድርገው የሚልኩት ማስታወሻ ይህን ቢመስል በቂ ነው፦

«ቀን፦ 10/09/2025

ለሁለተኛ ክፍል መምህርትና ለአቴንዳንስ ቢሮ

ልጄ ሶስና ዳዊት ወርቁ (የቤተሰብ ስም ወርቁ)፣ ማክሰኞ 10/07/2025 እና ረቡዕ 10/08/2025 ትኩሳትና ትውከት ስለነበራት ከትምህርት ቀርታለች። ዛሬ ተመልሳለች። ያመለጣትን ሥራ ቢልኩልኝ አመሰግናለሁ።

አልማዝ ከበደ፣ እናት
ፊርማ እና ስልክ»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ከሰላምታ ጀምረን፣ የጤንነት ምኞት አክለን፣ ይቅርታ ጠይቀን ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው። እዚህ ያ ሁሉ ቢቀር ማንም አይቀየምም። ሠራተኛዋ የምትፈልጋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የትኛው ልጅ፣ የትኞቹ ቀናት፣ ምን ምክንያት፣ ማን ፈረመ። ማስታወሻውም ቶሎ መድረስ አለበት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጁ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ቀናት ብቻ ይሰጣሉ፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አምስት የትምህርት ቀናት ነው። ወረቀት መላክ ለማይመቸው ወላጅ ፓረንትቪው በሚባለው የወላጆች ገጽ ወይም በኢሜይል መላክ የሚቻልባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። የሚጻፈው ግን ያው ነው።

ምክንያቱን በሚመለከት የምመክረው በግልጽ መጻፍን ነው። «አሟት ነበር» ብቻ ከሆነ ሠራተኛዋ ደውላ ልትጠይቅ ትችላለች፤ «ትኩሳትና ትውከት» ሲባል ግን በሕመም ዝርዝር ውስጥ ወዲያው ይገባል። የቤተሰብ ምሥጢር መዘርዘር፣ የሐኪም ምርመራ ውጤት መጻፍ አያስፈልግም። ሕመሙ ከረዘመ ወይም ከተደጋገመ ግን የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል፤ ክሊኒክ የሄደ ወላጅ ከመውጣቱ በፊት የትምህርት ቤት ወረቀት እንዲጻፍለት ቢጠይቅ በኋላ ከመመላለስ ይድናል። ልጁን ለመመለስም አይቸኮል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጁ መመለስ የሚችለው የትኩሳት መድኃኒት ሳይወስድ 24 ሰዓት ያለ ትኩሳት ከቆየ በኋላ ነው።

ሜሪላንድ በሕግ የምትቀበላቸው የመቅረት ምክንያቶች የተወሰኑ ናቸው። የልጁ ሕመም፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያና የሃይማኖት በዓል ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። እንደኔ አስተያየት ብዙ ወላጆቻችን በወጉ የማይጠቀሙበት የመጨረሻውን ነው። ገና እዚህ ጃንዋሪ 7 ይውላል፤ በ2026 ዓመት ረቡዕ ነው፣ የእረፍት ጊዜውም አልቆ ትምህርት በተጀመረበት ሰሞን ነው። ልጁን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ በማግስቱ «አሞት ነበር» ብሎ መጻፍ ምንም አያስፈልግም። ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀድሞ «ጃንዋሪ 7 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ የገና በዓል ስለሆነ ልጄ አይመጣም» ተብሎ ከተጻፈ ሕጋዊ ምክንያት ነው። ለዒድም ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ ከዋለ እንዲሁ። በሌላ በኩል ታናሽ ወንድም የሚጠብቅ ስለጠፋ፣ እናት ቢሮ ስትሄድ እንዲያስተረጉም ስለተፈለገ፣ ዘመድ ከኤርፖርት ለመቀበል የቀረ ልጅ ወላጁ ቢጽፍለትም አንኤክስኪዩዝድ ነው። ወላጅ ማወቁ ብቻ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ልጅ ቀኑን ሙሉ ሳይቀር ለሐኪም ቀጠሮ ቀደም ብሎ ሲወጣም ማስታወሻ ይጻፋል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሰዓታችን ያሳስተናል። ወላጅ «በ4 ሰዓት እወስዳታለሁ» ብሎ የጻፈው ከጠዋቱ 10፡00 ማለቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ከሰዓት በኋላ 4፡00 ብሎ ያነበዋል፤ በዚያ ሰዓት ልጅቷ በአውቶቡስ ቤቷ ገብታለች። እናት በር ላይ ደርሰው ልጃቸው ከክፍል እስክትጠራ ሲጠብቁ ቀጠሮው ያልፋል። ስድስት ሰዓት መጨመርና ከቁጥሩ ጎን የጠዋቱን ኤኤም ወይም የከሰዓቱን ፒኤም ማድረግ መፍትሔው ነው።

ማስታወሻ ያልተላከለት ቀን ብቻውን ቢሆን ብዙም አያስጨንቅም፤ ችግሩ ሲደማመር ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዕድሜው ከ5 እስከ 13 የሆነ ልጅ በአንድ የትምህርት ዓመት 10 ሙሉ ቀናት አንኤክስኪዩዝድ ከሆነበት ትምህርት ቤቱ ለሕፃናትና ቤተሰብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። ከ14 እስከ 17 ለሆነው ደግሞ 15 ቀን ሲሞላ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አካል ይመራል። ልጆቹ በእርግጥ ታመው፣ ወላጆቹም ወረቀት መጻፍ እንዳለባቸው ሳያውቁ እዚህ ቁጥር ላይ መድረስ ይቻላል። ያልቀረ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ልጅ በቀረ ቀን ከትምህርት ቤቱ በቅጂ ድምፅ የሚደወል ስልክ። ቋንቋው ያልገባው ወላጅ ማስታወቂያ መስሎት ይዘጋዋል። ቁጥሩን ስልክ ላይ «ትምህርት ቤት» ብሎ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ሌላም ቆጠራ አለ፤ ብዙ ሰው ከዚህኛው ጋር ያምታታዋል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከትምህርት ቀናቱ አንድ አሥረኛውን የቀረ ልጅ «ክሮኒክሊ አብሰንት» ይባላል። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀናት ካሉት 18 ቀን ማለት ነው። በዚህ ቆጠራ በምክንያት የቀረውም ያለ ምክንያት የቀረውም እኩል ይደመራል። ስለዚህ ማስታወሻ ወላጅን ከክስ ያድነዋል እንጂ ልጁ የቀረበትን ቀን አይሰርዘውም።

አሁን ወደ ወ/ሮ አልማዝ ማስታወሻ እንመለስ። በቅንፍ «የቤተሰብ ስም ወርቁ» የተባለው ያለ ነገር አልገባም። እኛ ስም ስንጠራ ሶስና ዳዊት ብለን እናበቃለን። የልጅቷ ፓስፖርት ግን የአያቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል፤ ትምህርት ቤቱም «ወርቁ፣ ሶስና» ብሎ መዝግቧታል። ማስታወሻው «ሶስና ዳዊት» ብቻ ካለ ሠራተኛዋ ዳዊት የሚል የቤተሰብ ስም ፈልጋ ታጣለች፤ ወረቀቱ ተጽፎም ቀኑ አንኤክስኪዩዝድ ሆኖ ይቀራል። እናትየዋ ደግሞ ከበደ ናቸው። በአሜሪካ ልማድ እናትና ልጅ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው ተብሎ ስለሚገመት «እርስዎ ማን ነዎት?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከፊርማው ቀጥሎ «እናት» የሚለው ቃል ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ይህ የስም ጣጣ የሚጀምረው በምዝገባው ቀን ነው። ያን ቀን የተጻፈው አጻጻፍ ልጁን እስከ ዲፕሎማው ይከተለዋል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል መገልበጥ ይሻላል፤ አጻጻፉ ባያስደስትም። ትልቁ ልጅ በአያቱ፣ ትንሹ በአባቱ ስም ከተመዘገቡ ደግሞ ኮምፒውተሩ ወንድማማቾች መሆናቸውን አያውቅም።

ከስም የሚብሰው የልደት ቀን ነው። የሶስና የልደት ምስክር ወረቀት መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ይላል እንበል። በጎርጎርዮሳዊው 09/15/2017 ነው፤ አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው፣ ቀኑን አስከትለው ይጽፋሉ። አሁን ተርጓሚው ወይም አባት ቸኩለው «ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው» ብለው 2018 ቢሞሉ ምን ይሆናል? ሜሪላንድ ውስጥ ኪንደርጋርተን የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ነው። በትክክለኛው ቀን ሶስና ኪንደርጋርተን የምትገባው በ2023 ነው፣ በ2025 ሁለተኛ ክፍል ትደርሳለች። በተሳሳተው ቀን ግን በ2025 የአንደኛ ክፍል ልጅ ናት። በአንድ ቁጥር ስሕተት አንድ ክፍል ወደ ኋላ ቀረች ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ፓስፖርቷና ቅጹ ስለማይገናኙ ምዝገባው ሊቆም ይችላል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስምንት ይጨመራል።

የክትባት ካርዱ ላይ ይኸው ችግር ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ በእጅ የተጻፈና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነውና። ሶስና በዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባት የወሰደችው ሰኔ 8 ቀን 2010 ነው እንበል፤ ካርዱ 8/10/2010 ይላል። የትምህርት ቤቱ ነርስ ኦገስት 10 ቀን 2010 ብላ ታነበዋለች። ልጅቷ ከመወለዷ ሰባት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ሳይተረጎም ከቀረበ ነርሷ ልትቀበለው አትችልም፤ ቀኖቹ ተቀይረው በክሊኒክ መረጋገጥ አለባቸው። ቀኑ ተስተካክሎም እንኳ ያ የኩፍኝ ክትባት አይቆጠርም፤ እዚህ የሚቆጠረው ልጁ 12 ወር ከሞላው በኋላ የተሰጠ ብቻ ነው። የሚፈለገውም ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን ባንድ ላይ የያዘው ክትባት ሁለት ጊዜ ነው። በሀገራችን መደበኛ ፕሮግራም ያልተሰጠው የቫሪሴላ ክትባትም ይጠየቃል። ስለዚህ «ልጄ ሁሉንም ጨርሳለች» ያሉ እናት «ይጎድላል» ሲባሉ ቅር ሊላቸው አይገባም። ሜሪላንድ ውስጥ ክትባት የጎደለው ልጅ በ20 ቀን ውስጥ የሚውል የክሊኒክ ቀጠሮ ካሳየ በጊዜያዊነት ትምህርት ሊጀምር ይችላል። ቀጠሮው ካለፈና ክትባቱ ካልተሰጠ ግን ልጁን ከትምህርት ያግዱታል።

«ፕሩፍ ኦቭ ረዚደንሲ» የሚባለው የመኖሪያ ማስረጃ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚመደበው በሰፈር ስለሆነ ወላጁ እዚያ አድራሻ መኖሩን ማየት ይፈልጋሉ። የራሱ ቤት ያለው የንብረት ግብር ሰነድ፣ ተከራይ የኪራይ ውሉን ወይም እንደሚባለው ሊዙን ያቀርባል፤ የመብራት ወይም የውኃ ቢል የሚጨመርበት ጊዜ አለ። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ ዘመድ ቤት ነው የሚያርፈው፤ ሊዙም ቢሉም በዘመድ ስም ነው። ለዚህ የጋራ መኖሪያ ቅጽ አለ፤ የቤቱ ባለቤት ወይም ዋናው ተከራይ «እነ እገሌ እኔ ጋ ይኖራሉ» ብሎ ይሞላል፣ የራሱን ማስረጃም ያያይዛል። በኖተሪ ፊት መፈረም ከተጠየቀ ሳይፈርሙ ሄዶ ኖተሪው ፊት መፈረም ነው፤ ቀድሞ የተፈረመ ወረቀት አይቀበሉም። ቤት ያጣ፣ መጠለያ የገባ ወይም በኪሳራ ምክንያት ዘመድ ጋ የተጠጋ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ማኪኒ-ቬንቶ የተባለው የፌዴራል ሕግ ልጁ ያለ እነዚህ ወረቀቶች ወዲያው እንዲመዘገብ ያዛል። ይህን ለማለት ማፈር ልጁን ሳምንታት ያስቀረዋል።

«ጋርዲያን» የሚለው ቃል በቅጹ ላይ በፍርድ ቤት ወይም በሕግ የተሾመ አሳዳጊን ነው። ልጁን ከአገር ቤት አምጥታ የምታሳድግ አክስት በእኛ ዘንድ ያለ ጥርጥር አሳዳጊ ናት፤ ቅጹ ላይ ግን ያለ ሰነድ ጋርዲያን ብላ መፈረም የለባትም። እውነቱን ለቢሮው ተናግራ ለዘመድ አሳዳጊዎች የተዘጋጀውን ቅጽ ብትጠይቅ ይሻላል።

ብዙ ወላጅ የሚጠራጠርበት ሌላ ገጽ የቤት ቋንቋ መጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ልጁ መጀመሪያ አፉን የፈታበት ቋንቋ፣ አሁን አዘውትሮ የሚናገረው፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው። አማርኛ ከተጻፈ ልጄን ወደ ኋላ ይመልሷታል ብሎ «እንግሊዝኛ» የሚል ወላጅ አለ። አማርኛ መባሉ የሚያስከትለው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፤ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በዲሲም የሚሰጠው ዊዳ የሚባለው ድርጅት ያዘጋጀው ነው። ልጅቷ ፈተናውን ካለፈች እርዳታው አያስፈልጋትም። ካላለፈች ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ትምህርት ታገኛለች፤ ወላጅ እምቢ የማለት መብት አለው፣ ዓመታዊው ፈተና ግን አይቀርም። ከዚህ መጠይቅ አጠገብ ወይም ሌላ ገጽ ላይ «ትምህርት ቤቱ ከእርስዎ ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገር?» የሚል ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ወላጁ ነው። እዚያ ላይ አማርኛ ያለ ወላጅ ልጁ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ቢናገርም የተተረጎመ ደብዳቤና አስተርጓሚ ሊያገኝ ይገባዋል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረቱ ነው። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ራሷ መቅረት በእናቷና በርዕሰ መምህሩ መካከል እንድታስተረጉም ማድረግ ደግሞ ለማንም አይበጅም።

ቅጹ ላይ ሊያስደነግጥ የሚችል አንድ ባዶ ቦታ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። ተሞላም አልተሞላም ምዝገባን አይከለክልም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1982 ውሳኔ፣ ፕላይለር የሚባለው፣ በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ልጅን ከሕዝብ ትምህርት ቤት መከልከልን አግዷል። ለመመዝገብ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ አሳዩ ሊባል አይገባም፤ ፓስፖርት የሚቀርበው ለዕድሜ ማረጋገጫ ነው፣ በልደት ምስክር ወረቀትም ይተካል።

መቅረትና ምዝገባ የሚገናኙበት አንድ አጋጣሚ ደግሞ አለ፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚደረግ ጉዞ። ለሠርግ ወይም አያቶችን ለማየት በትምህርት ጊዜ ልጆችን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬቱም ያኔ ይረክሳል። ሆኖም እንዲህ ያለ ጉዞ በሕግ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውስጥ የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ 15 ተከታታይ የትምህርት ቀናት የቀረ ልጅ ከመዝገብ ይሰረዛል። ቤተሰቡ ሲመለስ ልጁ ተማሪ አይደለም፤ የመኖሪያ ማስረጃው፣ ክትባቱ፣ ቅጹ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሊዙ በመሃል ካለቀም ሌላ ሰነድ መፈለግ ነው። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ አቴንዳንስ ቢሮ ሂዱና ስንት ቀን ብትቀሩ ልጁ ከመዝገብ እንደሚወጣ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።